አምስተኛ ፎቅ ላይ መናገር ያቃተኝ ቀን



ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ታካሚ ሳይሆን ስለ ራሴ ነው። ነገሩ ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን ብዙዎቻችሁን የሚመለከት ስለሆነ ልንገራችሁ።

ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ሰዎችን ስንመረምር ዘወትር የምንጠይቃት አንዲት ጥያቄ አለች። «ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳያርፉ መውጣት ይችላሉ?» እንላለን። ሳያርፍ የሚወጣ ሰው ልቡና ሳንባው ጫና የመሸከም አቅም እንዳላቸው ፍንጭ ይሰጠናል። እኔም ይህችን ጥያቄ ለዓመታት ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ራሴን ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አምስተኛ ፎቅ ላይ የተኛ ታካሚ ትንፋሽ አጥሮታል ተብሎ በጥድፊያ ተጠራሁ። ሊፍቱ ተበላሽቷል። ደረጃውን በፍጥነት መውጣት ጀመርኩ። አራተኛው ፎቅ ላይ የደረጃውን ብረት ያዝኩ። አምስተኛው ደርሼ አልጋው አጠገብ ስቆም ሲስተሯ «ዶክተር፣ ምን እንስጠው?» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ቃል ግን አልወጣም። እጄን አንስቼ «ቆይ» ከማለት በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ደግነቱ እሷ ኦክስጅኑን ቀድማ አድርጋለት ስለነበር ታካሚው አልተጎዳም። ሁሉም ነገር ከተረጋጋ በኋላ የጎን አልጋ የሚያስታምሙ አንዲት እናት ቀስ ብለው «ልጄ፣ ለአንተም ውሃ ላምጣልህ?» አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የገረመኝ ነገር ይህ ነው። ያን ጊዜ 46 ዓመቴ ነበር፤ አላጨስም፤ ከአንድ ዓመት በላይ በየምሽቱ 40 ደቂቃ በእግሬ እሄድ ነበር። ታዲያ ለምን? መልሱ ያለው በስማርት ሰዓቶች ላይ VO2 max ተብሎ በሚወጣው ቁጥር ውስጥ ነው። በአማርኛ ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀም አቅም ልንለው እንችላለን።

ነገሩ ምንድን ነው?

ዝም ብላችሁ ስትቀመጡ ሰውነታችሁ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በደቂቃ ወደ 3.5 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይጠቀማል። ስትራመዱ ይጨምራል። ዳገት ስትወጡ የበለጠ ይጨምራል። እየሮጣችሁ ፍጥነት ስትጨምሩ ግን አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ የቱንም ያህል ብትታገሉ ሰውነት ከዚያ በላይ ኦክስጅን መጠቀም አይችልም። ያ ጣሪያ ነው ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀም አቅም የሚባለው። ከጣሪያው በላይ የሚጠይቅ ሥራ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ከዚያ እግር ይዝላል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ መቆም ግድ ይሆናል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት አርቺባልድ ሂል በ1920ዎቹ ይህን ያጠናው እየተሮጠ የሚወጣውን ትንፋሽ በከረጢት እየሰበሰበ ነበር፤ ሯጩም አንዳንዴ ራሱ ነበር።

ዛሬ በትክክል የሚለካው በላቦራቶሪ፣ ትሬድሚል ላይ ጭምብል ተደርጎ ነው። እኔ ግን ቀለል ያለውን መንገድ መረጥኩ። አሜሪካዊው ሐኪም ኬኔት ኩፐር በ1968 ያስተዋወቀው የ12 ደቂቃ ሙከራ ነው። በ12 ደቂቃ ውስጥ የምትችሉትን ያህል ርቀት ትሮጣላችሁ፤ ሲያቅታችሁ ትራመዳላችሁ፤ ከዚያ የተጓዛችሁት ሜትር ይሰላል። ሙከራው አቅምን እስከ ጫፍ ስለሚወስድ መጀመሪያ የሥራ ባልደረባዬ የደም ግፊቴን ለካልኝ፣ ኢሲጂም አነሳኝ። በሕይወቱ ስፖርት ሠርቶ የማያውቅ ወይም የታወቀ ሕመም ያለበት ሰው ይህን ሙከራ በራሱ ፈቃድ ብቻ እንዲያደርገው አልመክርም።

ቅዳሜ ጠዋት 14 ዓመት የሆናት ልጄ የስልኳን ሰዓት ይዛ መሙ ዳር ቆመች። እየሮጥኩም እየተራመድኩም 1,500 ሜትር ሄድኩ። ስሌቱ እንዲህ ነው።

(1500 − 504.9) ÷ 44.73 = 22.2

ይህ ማለት ጣሪያዬ በኪሎ በደቂቃ ወደ 22 ሚሊ ሊትር ነው። ለ3.5 ስናካፍለው ደግሞ ቁጭ ብዬ ከምጠቀመው ወደ 6.3 እጥፍ ይሆናል። ደረጃን በጥድፊያ መውጣት የሚጠይቀው ግን 8 እጥፍ እና ከዚያም በላይ ነው። በቃ፣ ምስጢሩ ተፈታ! ደረጃው ከጣሪያዬ በላይ ነበር። የደረጃው ብረት ላይ የተንጠለጠልኩት በሽታ ይዞኝ ሳይሆን ሥራው ከአቅሜ ስለበለጠ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የማንኛችንም ቁጥር ቆላ ወርደን ከምናገኘው ያንሳል። የሰዓታችሁም ሆነ የሜዳው ስሌት ግምት ነው። ስለዚህ ቁጥራችሁን ከጎረቤት ወይም ኢንተርኔት ላይ ካለ ሰንጠረዥ ጋር ሳይሆን፣ በዚያው ቦታ በዚያው መንገድ ከተለካው ከራሳችሁ የቀድሞ ቁጥር ጋር አወዳድሩ።

ጣሪያውን የሚወስነው ምንድን ነው?

ኦክስጅን ከአየር እስከ ጡንቻ የሚሄደው በቅብብሎሽ ነው። ሳንባ ይቀበላል፣ ደም ይሸከማል፣ ልብ ይገፋል፣ ጡንቻ ይጠቀማል። ከአራቱ አንዱ ቢደክም ጣሪያው ዝቅ ይላል። በአብዛኞቻችን፣ በጤነኞቹ ማለቴ ነው፣ ሳንባ ችግር የለበትም። ወሳኙ ልብ በአንድ ደቂቃ የሚገፋው የደም መጠን ነው።

በርሜል በጣሳ እየቀዳችሁ ትሞላላችሁ እንበል። ቶሎ መሙላት ከፈለጋችሁ ሁለት መንገድ አለ፤ ቶሎ ቶሎ መቅዳት ወይም ትልቅ ጣሳ መያዝ። ልብም እንደዚያው ነው። በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ጣሪያ አለው፤ ያንን በዋናነት የሚወስነው ዕድሜ ነው፤ ስፖርት አይጨምረውም። ስፖርት የሚያሳድገው ጣሳውን ነው፤ ልብ በአንድ ምት የሚገፋውን የደም መጠን። ስፖርተኞች ቁጭ ሲሉ የልብ ምታቸው ዝግ የሚለውም ለዚህ ነው፤ ጣሳቸው ትልቅ ስለሆነ ብዙ መቅዳት አያስፈልጋቸውም።

አሁን ወደ ምሽት የእግር ጉዞዬ እንመለስ። እኔ የምሄድበት ፍጥነት የሚጠይቀው ቁጭ ካልኩበት 3.5 እጥፍ ገደማ ነበር። ከ6.3 ጣሪያዬ ግማሹን ትንሽ ያልፋል ማለት ነው። በዚያ ላይ አንድ ዓመት ሙሉ ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት፣ እያወራሁ። ሲጀመር ጠቅሞኝ ይሆናል፤ ሰውነቴ ከለመደው በኋላ ግን ልቤን «ጣሳህን አሳድግ» የሚለው ነገር አልነበረም። እባካችሁ ይህን አንብባችሁ የእግር ጉዞ እንዳታቆሙ! ለደም ግፊትም፣ ለስኳርም፣ ለእንቅልፍም ይጠቅማል። እስከ ዛሬ ተቀምጦ ለኖረ ሰው ደግሞ ፈጠን ያለ እርምጃ ራሱ ጣሪያውን ከፍ ያደርጋል። ለለመደው ሰው ግን ብቻውን አይበቃም።

ታዲያ ምን ዓይነት ልምምድ?

በ2007 የታተመ አንድ የኖርዌይ ጥናት አለ። 40 ጤናማ ወጣት ወንዶች በአራት ቡድን ተከፍለው፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለስምንት ሳምንት ሠሩ። አጠቃላይ የሥራው መጠን ለሁሉም እኩል እንዲሆን ተደርጓል፤ የተለያየው አሠራሩ ነው። አንዱ ቡድን ረጅምና ቀስ ያለ ሩጫ ሮጠ። ሁለተኛው ጠንከር ያለ ግን የማይቋረጥ ሩጫ። ሦስተኛው 15 ሰከንድ በፍጥነት፣ 15 ሰከንድ በዝግታ። አራተኛው አራት ደቂቃ በጠንካራ ሩጫ፣ ሦስት ደቂቃ በዝግታ፣ ይህን አራት ጊዜ። ጣሪያቸው ከፍ ያለው የመጨረሻዎቹ ሁለት ቡድኖች ናቸው፤ በተለይ የአራት ደቂቃዎቹ ወደ 7 ከመቶ ጨመሩ። ልባቸው በአንድ ምት የሚገፋው ደምም አብሮ አደገ።

ለምን አራት ደቂቃ? ጠንክራችሁ ስትጀምሩ የኦክስጅን አጠቃቀማችሁ ወዲያው ጣሪያው ጋ አይደርስም፤ ወደ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ደቂቃ ሮጦ የሚያርፍ ሰው ጫፉ ጋ ሳይደርስ ይመለሳል። በአራት ደቂቃ ግን ልብ ሞልቶ እየገፋ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቆያል። ጣሳውን የሚያሳድጉት እነዚያ ደቂቃዎች ናቸው።

እኔ ለራሴ የያዝኩት ፕሮግራም ይህ ነበር። 10 ደቂቃ ቀስ ብሎ ማሟሟቅ፣ 4 ደቂቃ ጠንካራ ሥራ፣ 3 ደቂቃ ዝግ ያለ እርምጃ፣ ጠንካራው አራት ጊዜ እስኪሞላ መደጋገም፣ በመጨረሻ 5 ደቂቃ ሰውነትን ማብረድ። ደምሩት፤ 40 ደቂቃ ነው። ያው የምሽት ጉዞዬ የሚፈጀው ጊዜ! በሳምንት ሁለት ቀን ይህን፣ ሁለት ቀን ደግሞ የቀድሞውን ቀስ ያለ ጉዞ አደረግኩ። ሩጫ ጉልበቴን እንዳይጎዳው ጠንካራውን የሠራሁት ሰፈራችን ያለች ረጅም ዳገት ላይ፣ በፈጣን እርምጃ ነው። ልብ ዳገት ይሁን ሩጫ አይለይም፤ ለእሱ ዋናው ጫናው ነው።

የመጀመሪያው ቀን ግን ሙሉ በሙሉ አበላሸሁት። «ጠንካራ» ሲባል እንደ ልጅነቴ ዳገቱን በሩጫ ጀመርኩት። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ጭኔ ተቃጠለ፣ ሆዴ ታወከ፣ ከአጥር ተደግፌ ቆምኩ። ልጄ ሰዓቱን እያየች «አባዬ፣ ገና ሁለት ደቂቃ ይቀርሃል» አለችኝ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ነው። የሚፈለገው አራቱንም ዙር በተመሳሳይ ፍጥነት መጨረስ ነው። አራተኛው ዙር ላይ ከመጀመሪያው ያነሰ ርቀት ከሄዳችሁ ሲጀመር ቸኩላችኋል ማለት ነው። አራተኛውን ጨርሳችሁ «አንድ ዙር እንኳ ልድገም» ካላችሁ ደግሞ ቀሏችኋል።

ልኩን እንዴት ታውቃላችሁ? ዋናው መለኪያ ንግግር ነው። ከሁለተኛው ደቂቃ በኋላ ሁለት ሦስት ቃል እንጂ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር መቻል የለባችሁም። ቁጥር ለምትወዱ፣ የዕድሜ ጣሪያ የልብ ምት ግምት 208 ሲቀነስ 0.7 በዕድሜ ተባዝቶ ነው። ለእኔ 176 ይመጣል። የጥናቱ ወጣቶች ከጣሪያቸው 90 ከመቶ በላይ ላይ ነበር የሚሠሩት፤ እኔ ከ150 ጀምሬ በኋላ 160 አካባቢ ደረስኩ። ዙሩ እንዳለቀ አንገቴ ላይ ለ15 ሰከንድ ቆጥሬ በአራት አባዛለሁ። እንደ አቴኖሎል ያለ የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት የምትወስዱ ግን ይህ ቁጥር ያሳስታችኋል፤ በትንፋሻችሁ ተመሩ።

ሦስት ወር ሲሞላ እኔና ልጄ ወደዚያው መም ተመለስን። 1,650 ሜትር ሄድኩ።

(1650 − 504.9) ÷ 44.73 = 25.6

ከ22.2 ወደ 25.6፣ 15 ከመቶ ገደማ ጨመረ። እውነቱን ለመናገር ሁሉም የልብ ሥራ አይደለም። ክብደቴ ከ84 ወደ 81 ኪሎ ወርዷል፤ ቁጥሩ ደግሞ በኪሎ ስለሚካፈል ክብደት ሲቀንስ ራሱ ከፍ ይላል። ጉልበቴን መቆጠብንም ተምሬያለሁ። ደግሞም ሁሉም ሰው እኩል አያገኝም፤ ያንኑ ልምምድ ሠርተው ብዙ የሚጨምሩ አሉ፣ በተፈጥሯቸው ጥቂት ብቻ የሚጨምሩም አሉ። አምስተኛ ፎቅ አሁንም ያስተነፍሰኛል። ግን ደርሼ መናገር እችላለሁ። እኔ የፈለግኩትም ይህንኑ ነበር።

ብናቆምስ?

በ1966 በአሜሪካ ዳላስ አምስት የ20 ዓመት ጤናማ ወጣቶች ሦስት ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። ጣሪያቸው ከሩብ በላይ ወረደ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ሲለኳቸው፣ በ30 ዓመት ዕድሜ ከቀነሰባቸው ይልቅ በሦስት ሳምንት መኝታ የቀነሰባቸው በልጦ ተገኘ። የታመመ ዘመድ ስታስታምሙ ይህን አስታውሱ። ሐኪሙ ካልከለከለ በቀር «አይነሱ፣ ይተኙ» ማለት ሁልጊዜ ፍቅር አይደለም። ወንበር ላይ ማስቀመጥ፣ ኮሪደር ላይ ደግፎ ማራመድ የተረፈውን አቅም ያቆያል።

ለወላጆች የማልዘለው ነገር

ልምምድ ሁሉንም አይፈታም። አንዲት እናት 15 ዓመት የሆናትን ልጇን ይዛ መጣች። «ዶክተር፣ ሰነፍ ሆናብኛለች። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁሌ መጨረሻ ናት። ጠዋት ጠዋት እንድትሮጥ እያስነሳኋት ነው፤ ጭራሽ ባሰባት» አለችኝ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታለች። የዓይኗን ሽፋን ገለጥ አድርጌ ሳየው ነጭ ነው። ሄሞግሎቢኗ 8 ሆኖ ተገኘ። የወር አበባዋ ብዙ ነበር፤ ለእናቷ ግን ነግራት አታውቅም።

ቅብብሎሹን አስታውሱ። ሄሞግሎቢኑ 15 የሆነ 100 ሚሊ ሊትር ደም ወደ 20 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይሸከማል፤ ሄሞግሎቢኑ 8 ሲሆን ወደ 11 ገደማ ብቻ። ልቧ የቻለውን ሁሉ እየገፋ ነው፤ የሚገፋው ደም ግን ጭነቱ ግማሽ ነው። ይህን በሩጫ ማስተካከል አይቻልም። የአይረን ሕክምና ጀመረች፣ የደም መፍሰሷም ታከመ። ከጥቂት ወራት በኋላ ስትመጣ እናቷ ሳቅ እያለች «አሁንስ ሩጫ ቀርቶ ቤትም አትቀመጥልኝ» አለችኝ። ልጅቷ ስታስጀምሩኝ የቆየችውን ሩጫ በራሷ ጊዜ ቀጥላበት ነበር።

ስለዚህ ልጃችሁ ከእኩዮቹ ጋር መጫወት ካቃተው፣ በተለይ ቀድሞ ይችል የነበረውን አሁን ካልቻለ፣ «ሰነፍ» ከማለታችሁ በፊት አስመርምሩት። በአገራችን ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣ የልብ ቫልቭ ጉዳት አለ፤ አስምም አለ፤ ደም ማነስም አለ። ሁሉም መጀመሪያ የሚታዩት ሜዳ ላይ ወደ ኋላ በመቅረት ሊሆን ይችላል።

አዋቂዎችም ብትሆኑ ስትሠሩ ደረታችሁን ካፈናችሁ ወይም ካመማችሁ፣ ዓይናችሁ ከጨለመባችሁ ወይም ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ ልባችሁ ሥርዓት በሌለው መንገድ ከመታ፣ ማታ ጋደም ስትሉ ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም እግራችሁ ካበጠ ልምምዱን ትታችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ። የልብ ሕመም፣ ያልተስተካከለ ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለባችሁ፣ እርጉዝ የሆናችሁም ጠንካራውን ልምምድ ከሐኪማችሁ ጋር ሳትመክሩ አትጀምሩ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ለሁለት ሳምንት በፈጣን እርምጃ ጀምሩ፤ ቀጥሎ ሁለት ዙር የአራት ደቂቃ ሥራ፤ ከዚያ ሦስት፤ ከዚያ አራት።

እኔ ዛሬም ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቁ ሰዎች ያችኑ ጥያቄ እጠይቃለሁ። አንድ አባት በቀደም «ሁለት ፎቅ ሳያርፉ ይወጣሉ ወይ?» ስላቸው «አንተስ?» አሉኝ። አምስት አልኳቸው።